ለሸበተች እናቴ ፊቷን የሚያፈካ ቀለም እንዴት እንደመረጥንላት (ከጎንደር)

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄን የምጽፈው እናት ወይ አባት ለሸበቱባችሁና ለበዓል ወይ ለሠርግ ልብስ ልታሰፉላቸው ፈልጋችሁ የቱን ቀለም እንደምትይዙ ግራ ለገባችሁ ሰዎች ነው። እኛ ቤት ነገሩ የመጣው በእናቴ ነው። እናቴ ሰባን አልፋለች፣ ጠይም ናት፣ ጸጉሯ ከፊት ጥጥ የመሰለ ነጭ ነው ከኋላ ግን ጥቁሩና ነጩ ተቀላቅሎ ግራጫ ይላል። አባቴ ሲያርፍ ዓመቱን ሙሉ ከል ለበሰች፣ ሙት ዓመቱ ወጥቶ ከሉን ስታወልቅ ደግሞ ከዘመድ ስጦታ የመጣላት ልብስ ሁሉ ግራጫ፣ ቡናማ፣ አመድማ ነገር ነበር፣ ለትልቅ ሰው የሚሆነው ቀለም ይሄ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ እድር ሄደች፣ ያገኛት ሰው ሁሉ "ምነው እንዲህ ከሳሽ፣ አሞሽ ነው እንዴ" ይላታል። እሷም ሰው ሲደጋግምባት አመነች፣ አሞኝ ይሆናል ብላ ሐኪም ጋ ወሰድናት፣ ደሟም ስኳሯም ግፊቷም ደህና ነው ተባለ፣ ኪሎዋም አልቀነሰም።

እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ ስለዚህ ጨርቅና ፊት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የማየት ልምዱ አለኝ። ያየሁት ነገር በአንድ ቀን ውስጥ እንኳን የምትለዋወጥ መሆኗን ነው፣ ጠዋት በነጭ የእጅ ፈትል ነጠላ ቅዳሴ ስትሄድ ፊቷ ጥርት ያለ ነው፣ ከሰዓት ያቺን ግራጫ ሹራብ ለብሳ በረንዳ ላይ ስትቀመጥ ያው ፊት ዓይኑ ስር ጠቁሮ ጉንጩ ገብቶ ይታያል። ያው ሰው፣ ያው ቀን። የተቀየረው አንገቷ ስር ያለው ጨርቅ ብቻ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ላስረዳ፣ ምክንያቱ ከገባችሁ ቀለሙን ራሳችሁ ትመርጣላችሁና። አንደኛው ነገር ጸጉሩ ነው። ሰው ወጣት ሆኖ ጸጉሩ ጥቁር ሲሆን ፊቱ ዙሪያውን በጥቁር የተከበበ ነው፣ ቅንድቡም ጥቁር ነው፣ ከንፈሩም ቀለም አለው፣ ስለዚህ ምንም ቢለብስ ፊቱ ጎልቶ ይወጣል። ጸጉር ሲሸብት የሚጠፋው ጸጉሩን የሚያጠቁረው ቀለም ነው፣ ግራጫ የምንለው ጸጉርም ብዙውን ጊዜ ነጩና ጥቁሩ ተቀላቅሎ ከሩቅ ሲታይ ነው እንጂ እያንዳንዱ ዘለላ ግራጫ ሆኖ አይደለም። ቅንድቡም አብሮ ይሳሳል፣ የከንፈር ቀለምም ደብዘዝ ይላል። ያ ሁሉ ፊትን የሚያጎላው ነገር ሲቀንስ ሥራው የሚወድቀው በልብሱ ላይ ነው ማለት ነው። ወጣት ሆና ያማረባት ቀለም ዛሬ የማያምርባት ለዚህ ነው፣ እናቴ በልጅነቷ ቡናማ ይሄድላት ነበር፣ ፎቶዋ አለ፣ በጣም ያምርባታል፣ አሁን ግን ያው ቡናማ ፊቷን ይውጠዋል።

ሁለተኛው ነገር ብርሃን ነው፣ ጎንደር ላይ ደግሞ ይሄ ዋና ነገር ነው። ከተማችን ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፣ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፣ ቀጥ ብላም ከላይ ነው የምትወርደው፣ ቀትር ላይ አራዳ ቆማችሁ የሽማግሌ ፊት ብታዩ ግንባሩ ያበራል ዓይኑ ስር፣ አፍንጫው ስርና አገጩ ስር ግን ጥላ ነው። እድሜ ሲገፋ ዓይን ወደ ውስጥ ገባ ይላል፣ ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርደው መስመርም ይጠልቃል፣ ስለዚህ ጥላው ይብስበታል። ያንን ጥላ ከስር ሆኖ ሊያበራ የሚችለው ደረትና ትከሻ ላይ ያለው ጨርቅ ነው። ፈዛዛ ጨርቅ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ ጥቁር ጨርቅ ደግሞ ውጦ ያስቀረዋል። ጥቁር ፊትን ያጠቁራል የሚሉት እናቶች እውነታቸውን ነው፣ ዓይን ስር ያለው ጥላ ምንም የሚያቀለው ነገር ስለማያገኝ ነው።

ጨርቁ የሚመልሰው ብርሃን ግን ቀለሙንም ይዞ ነው የሚመልሰው። ደማቅ አረንጓዴ አንገት ስር ካደረጋችሁ አገጩ ስር አረንጓዴ ነገር ታያላችሁ፣ የሰናፍጭ ቢጫ ካደረጋችሁ ጉበቱን የታመመ ይመስላል፣ ሮዝና ወይን ጠጅ ግን ደም የሞቀበት ፊት ያስመስላሉ። ይሄን ማመን ካልፈለጋችሁ ቀይ ጨርቅና አረንጓዴ ጨርቅ እያቀያየራችሁ እጃችሁ መዳፍ ስር ያዙና መዳፋችሁን እዩት።

እንግዲህ ሙከራውን ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ ከመስታወት ፊት ቆሞ ነው የሚመርጠው፣ እሱ አይሆንም፣ ምክንያቱም የሱቁ አምፖል ወይ ሰማያዊነት አለው ወይ ቢጫነት አለው። ገበያ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ከላይ የተዘረጋው ሸራ ሰማያዊ ወይ ብርቱካናማ ነው፣ ከስሩ ያለው ጨርቅ ሁሉ ያንን ቀለም ይዞ ነው የሚታየው፣ ከሸራው ስር ይዛችሁ ካልወጣችሁ ቀለሙን አላያችሁትም። እኛ ያደረግነው ከቤትም ከጎረቤትም ሻሽ፣ ሻርፕ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ የትራስ ልብስ ሳይቀር ሰብስበን ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ በረንዳ ላይ ወንበር አስቀምጠን እሷን ማስቀመጥ ነበር። ፀሐዩ ላይ ሳይሆን ጥላው ውስጥ፣ ሰማይ ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ ማለቴ ነው። የበረንዳችን ግድግዳ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ስለሆነ ፊቷ ላይ ያንጸባርቅ ነበር፣ ስለዚህ ወንበሩን ከግድግዳው አርቄ ወደ በሩ አመጣሁት። የለበሰችውን ልብስ በነጭ አንሶላ ሸፈንነው፣ ያለበለዚያ የምታዩት የሁለት ልብስ ድብልቅ ነው። ጸጉሯን ደግሞ እንደወትሮዋ ከፊት ትንሽ እንዲታይ አድርገን ተውነው፣ ሙሉ በሙሉ ከሸፈናችሁት ሙከራው ትርጉም የለውም፣ የምትፈልጉት ሽበቱና ጨርቁ አብረው ሲሆኑ ፊት ምን እንደሚመስል ነውና።

ጨርቁን ልክ አገጭ ስር ትይዛላችሁ፣ አንዱን ብቻ ይዞ ያምራል አያምርም ማለት አያዋጣም፣ ሁሌ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ አወዳድሩ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከስር ደራርባችሁ የላዩን ቶሎ ስትገፉት ፊቱ ሲለወጥ በግልጽ ታያላችሁ። ጨርቁን አትዩት፣ ፊቱን እዩት። እኔ የማየው ዓይን ስር ያለው ጥላ ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርደው መስመር ጠለቀ ወይስ ለዘብ አለ፣ የከንፈሩ ዳር ለየ ወይስ ከቆዳው ጋር ተቀላቀለ፣ የዓይኑ ነጭ ጠራ ወይስ ቢጫ መሰለ፣ ጸጉሩስ ነጭ ሆኖ ታየ ወይስ ያደፈ መሰለ የሚለውን ነው። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ እከፍትና መጀመሪያ ምን አየሁ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፣ መጀመሪያ ያየሁት ጨርቁን ከሆነ ቀለሙ ለሷ በዝቷል፣ መጀመሪያ ያየሁት ፊቷን ከሆነ ልክ ነው።

በስልክ ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል ግን ተጠንቀቁ፣ ስልኩ በያንዳንዱ ፎቶ ቀለሙን ራሱ ያስተካክላል፣ ቀይ ጨርቅ ስትይዙ ፊቱን ወደ ሰማያዊ ሊገፋው ይችላል፣ ፊት የሚያለሰልሰው ነገር በርቶ ከሆነ ደግሞ መስመሩን ሁሉ ያጠፋውና ጥቁሩም ግራጫውም እኩል ያማረ ይመስላል። እሱን አጥፍታችሁ፣ ከተቻለ ሁለቱ ጨርቅ በአንድ ፎቶ ውስጥ ግራና ቀኝ እንዲሆኑ አድርጋችሁ አንሱ፣ ያኔ ስልኩ ቢያዛባም ሁለቱን እኩል ነው የሚያዛባው።

እናቴ መጀመሪያ አልፈለገችም። "ተይኝ ልጄ፣ አሮጊት ምን ቀለም ይመርጣል፣ ሰው ምን ይለኛል" አለች፣ እኔም "እማዬ ማንም አያየንም ዝም ብለሽ ተቀመጭልኝ" አልኳት፣ ታናሽ እህቷ አክስቴም መጥታ ቡና እያፈላች ስለነበር እሷም "እስኪ እንይሽ እታለም" እያለች ስታግዘኝ ተቀመጠች። መጨረሻ ላይ ራሷ "ያንን መልሺው፣ ያኛውን ድገሚው" ማለት ጀመረች።

ያየነው እንደዚህ ነው። ጥቁሩ የታወቀ ነው፣ ዓይኗ ስር ያለው ወዲያው ጠቆረ፣ ነጩ ጸጉር ከላይ ብቻውን ቦግ አለና ፊቷ በመሀል ወደ ኋላ ሄደ። ግራጫው ከጥቁሩም የከፋ ነበር፣ ብዙ ሰው ግን ለሽበት ግራጫ ይሄዳል ብሎ ያስባል። የሆነው ጸጉሩም ጨርቁም አንድ ዓይነት ስለሆኑ መሀል ያለው ፊትም አመድ ያለበሰው መሰለ፣ ከንፈሯ ከነጭራሹ ጠፋ። ቡናማውና ያ የአሸዋ ቀለም የሚመስለው ቤዥ ከቆዳዋ ጋር ተመሳሰለ፣ አንገቷ የት አልቆ ልብሱ የት እንደጀመረ አይለይም፣ ጸጉሯንም ቢጫ አስመሰለው። ይሄ ቢጫ ነገር ልብ በሉት፣ ነጭ ጸጉር በማገዶ ጭስ፣ በዕጣንና ከሰል ጭስ፣ በፀሐይና በቅባት ቀስ እያለ ቢጫነት ይይዛል፣ ቤዥና የሰናፍጭ ቢጫ አጠገቡ ሲመጡ ያንን ቢጫ አጉልተው ያሳያሉ።

ወይን ጠጁ ሲመጣ አክስቴ ሲኒዋን አስቀምጣ "ይሄ ነው!" አለች። ከንፈሯ ቀለም አገኘ፣ ጉንጯ ሞቅ አለ፣ ጸጉሯም ነጭነቱ ጎልቶ የተከበረ ነገር ሆኖ ታየ። ጠለቅ ያለው ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ያ ቱርኩዊዝ የሚሉት ሳይሆን ከሱ ጠቆር ያለው፣ የዓይኗን ነጭ አጠራው። እሱ ብርሃን ብዙም አይመልስም፣ የሚሠራው በተቃራኒው መንገድ ነው፣ የቆዳዋ ሞቅ ያለ ቡናማነት ከቀዝቃዛው ቀለም አጠገብ ሲሆን ሙቀቱ ይበልጥ ይታያል። መካከለኛ ሮዝ፣ ማለትም የሕጻን ሮዝ ሳይሆን የደረቀ ጽጌረዳ የሚመስለው፣ እሱም ጥሩ ነበር። ደማቁ ብርቱካናማ ላይ ግን ዓይኔን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ጨርቁን ነው፣ ቀለሙ ያምራል እናቴ ግን ጠፋች።

ነጩ ለብቻው ይነገር፣ ምክንያቱም እኛ አገር እናት ያለ ነጠላ የለችም። ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም። የእጅ ፈትል ጥጥ ሲፈተል ክሬም የመሰለ ለስላሳ ነጭ ነው፣ የፋብሪካው ናይለን ነክ ነጭ ደግሞ ሰማያዊ ነገር ያለበት የሚያበራ ነጭ ነው። ሁለቱን አገጯ ስር ስናወዳድር ሰማያዊ ነጩ ጥርሷንም የዓይኗን ነጭም ጸጉሯንም ቢጫ አስመሰለው፣ ከሱ የበለጠ ነጭ ስለሌለ ሌላው ሁሉ ያደፈ ይመስላል። የፈትሉ ነጭ ግን ብርሃኑን ወደ ፊቷ መለሰ እንጂ ከጸጉሯ ጋር አልተፎካከረም። ሌላው ደግሞ አጠባ ነው፣ ዱቄት ሳሙናዎች ውስጥ ነጭን ሰማያዊ አድርጎ የሚያበራ ነገር ይጨመርባቸዋል፣ ፈትል ነጠላን በሱ ደጋግማችሁ ካጠባችሁት ያ ክሬም ነጩ ይጠፋል። የእማዬን ነጠላ አሁን በተራው የልብስ ሳሙና ነው የማጥበው፣ በረኪናም አላስነካውም።

አሁን ይሄ ውጤት ለእናቴ ነው፣ ለሁሉም አይደለም፣ ያው ጠዋት አክስቴን ስናስቀምጣት ሌላ ሆነ። አክስቴ ቀይ ናት፣ ጸጉሯ ገና ጥቁርና ነጭ ድብልቅ ነው። ወይን ጠጁ ለሷ ከበዳት፣ ፊቷን ገርጥቶ አሳየው። ለሷ የሠራው መካከለኛ ነገር ነው፣ የደረቀ ጽጌረዳው ሮዝ፣ ውሃ ሰማያዊ ሆኖ ትንሽ ጠለቅ ያለ፣ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ። አጎቴ ደግሞ መልካቸው ጥቁር ነው፣ ጸጉራቸውም ጺማቸውም በረዶ ነው፣ ለሳቸው ቀለም ቢበዛ ችግር የለም፣ ደማቅ ሰማያዊ ሸሚዝ ሲለብሱ ጺማቸው ያበራል፣ ያ ለእናቴ ያልሆነው ሰማያዊ ነጭ እንኳን ለሳቸው ይሆናል። ነገሩን ስታዩት መለኪያው በጸጉሩና በቆዳው መሀል ያለው ርቀት ነው። ቆዳው ጠቆር ብሎ ጸጉሩ ሙሉ ነጭ ከሆነ ርቀቱ ሰፊ ነው፣ ጠንካራና ጥልቅ ቀለም ይችላል። ቆዳው ቀላ ብሎ ጸጉሩ ግራጫ ከሆነ ርቀቱ ጠባብ ነው፣ ልብሱም ለዘብ ማለት አለበት። ጠይሟ እናቴ መሀል ላይ ነች፣ ጥልቅ ቀለም ትችላለች፣ የሚጮህ ቀለም ግን አትችልም። ሂና ለሚቀቡ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው፣ ጸጉሩ ቀይ ብርቱካናማ ስለሚሆን ወይን ጠጁ ከሱ ጋር ይጣላል፣ ሰማያዊ አረንጓዴው ይሻላል።

ወንዶቹ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ኮቱ ግራጫ ቢሆንም ሸሚዙ ወይ ሻርፑ ቀለም ካለው ፊታቸው ይድናል፣ ጋቢ የሚደርቡ ከሆነ ደግሞ ክሬም ጋቢው ራሱ ሥራውን ይሠራል።

ቁልፉ እንግዲህ ከአገጭ እስከ ደረት ያለው ቦታ ነው። ከዚያ በታች ያለው ቀሚስ ግራጫ ይሁን ቡናማ ፊት ላይ ምንም አያመጣም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያለውን ልብስ መጣል አያስፈልግም፣ የዘመዶቿን ግራጫ ቀሚሶች እናቴ አሁንም ትለብሳቸዋለች፣ አንገታቸው ላይ ብቻ ከወይን ጠጅ ጨርቅ አንገትጌ ሰፋሁላቸው። ስፋቱን በተመለከተ ሁለት ጣት የሚሆን ጠባብ አንገትጌ ሞከርኩ፣ እንደ ክር ነው የሚታየው ለፊት ምንም አይሠራም፣ አራት ጣት ሲሆንና ከፊት ወደ ደረት ትንሽ ሲወርድ ነው ለውጡ የመጣው።

ለጥምቀት ደግሞ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ልናሠራላት ሸማኔ ጋ ሄድን። እዚህ ላይ የሚያጋጥማችሁን ልናገር። ክሩ በጥቅልሉ ስታዩት የሚታየው ቀለምና ጥለት ሆኖ ሲሠራ የሚታየው ቀለም አንድ አይደለም፣ ነጩ ማግ መሀል መሀሉ ስለሚገባ ከሩቅ ሲታይ ይፈዛል። ስለዚህ በጨርቅ ሞክራችሁ ከወደዳችሁት ቀለም አንድ ደረጃ ጠለቅ ያለ ክር ምረጡ። ሸማኔው ራሱ ነው ያሳየን፣ ክሩን ወደ ደጅ አውጥቶ አጠገቡ በዚያው ክር የተሠራ አሮጌ ጥለት አስቀምጦ "እማማ ይሄ ያ ነው፣ አይመስልም አይደል" አላት። ወርቀዘቦ ይጨመር ወይ ሲለን በጥለቱ ዳር ብቻ ትንሽ እንዲሆን ነው ያልነው፣ ምክንያቱም የሚያብለጨልጭ ቢጫ አንገት ላይ ሲበዛ ያንን የጸጉሩን ቢጫነት ያነሳሳዋል፣ ፀሐይ ላይ ደግሞ እያብለጨለጨ ዓይን ወደሱ ይስባል። በዚያ ላይ ጥለቱ ከእግር ጀምሮ እንዲበዛና አንገቱ ጋ ስስ እንዲሆን ብዙ ጊዜ ይደረጋል፣ እኛ ገልብጠን አንገትና ደረቱ ላይ ሰፋ ብሎ ታች ላይ እንዲቀጥን ጠየቅን።

አንድ ሰው ደግሞ በቀለሙ ጥለት ያለው ነጠላ ገዝቶ ጥለቱን ወደ ፊት ማምጣት አይቀልም ወይ ሊል ይችላል፣ አይሆንም። ነጠላን ጥለቱን ወደ አንገት አድርጎ መልበስ የሐዘን አለባበስ ነው፣ እናንተ ፊቷን አፈካሁ ስትሉ ሰው ማን ሞተባችሁ ብሎ ይጠይቃችኋል። ጥለቱ ወደ ታች ይቆይ፣ ቀለሙ ከቀሚሱ አንገት ይምጣ፣ በላዩ ክሬም ነጩ ፈትል ነጠላ ትከሻና ደረት ላይ ሆኖ ብርሃኑን ይመልስ። ሁለቱ ሲሠሩ ነው ሙሉ የሚሆነው፣ ጥልቁ ቀለም ከንፈርና ጉንጭን ያጎላል ነጩ ደግሞ የዓይን ስሩን ጥላ ያነሳል።

ገና ከል ላይ ላለች እናትስ ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ ከሉን አትንኩት፣ ክብሩና ወጉ ከቀለም ይበልጣል። ግን ጥቁሩ እየታጠበ ወደ ዝገት ወይ ወደ አመድ የሄደ ከሆነ አዲስ ጥቁር ይሻላታል፣ የደበዘዘ ጥቁር ከጥቁርም ከግራጫም ይብሳል። በላዩ የምትደርበው ነጠላ የፈትል ክሬም ነጭ ይሁን። ከሉ ሲወርድም ባንዴ ወደ ደማቅ መሄድ ለብዙ እናቶች ይከብዳቸዋል፣ ለእናቴ መጀመሪያ ጥቁር ሰማያዊ ሻሽ ነው የገዛሁላት፣ እሷ ግን "ይሄ ጥቁር አይደለም እንዴ" አለችኝ። ይሄ የሚሆነው የዓይን ሌንስ በእድሜ ቢጫነት ስለሚይዝና ሰማያዊ ብርሃን ስለሚቀንስበት ነው፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር፣ አንዳንዴም ጥቁር ቡናማ፣ ለትልቅ ሰው አንድ ሊሆኑበት ይችላሉ። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች ሰማያዊው ሁሉ በራልኝ የሚሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ "ቀለሙን አላወቀችውም" ብላችሁ አትከራከሯት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በቀን ብርሃን አሳዩዋት፣ አሁንም ካልለየላት የምትለየውን ቀለም ስጧት፣ የምትለብሰው እሷ ናት። እናቴ ሻሹን ለአክስቴ ሰጥታ ወይን ጠጁን ወሰደች።

ቀለም የማይነካው ነገርም አለ። ጨርቁን ሁሉ ቀያይራችሁ በጥሩ ብርሃን የከንፈሩ ውስጥና የታችኛው ዓይን ሽፋን ውስጡ ነጭ ከሆነ እሱ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፣ የዓይኑ ነጭ በሁሉም ጨርቅ ስር ቢጫ ከሆነ ደግሞ የጉበት ችግር ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱንም ሐኪም ይየው። እኛ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሄደን ደህና ነው ስለተባልን ነው ወደ ጨርቅ የመጣነው።

በጥምቀት ያንን ቀሚስ ለብሳ ፋሲል መዋኛ ወረደች፣ ከላይ ያ የጥር ፀሐይ ነው ግን ዓይኗ ስር ጥላ አልነበረም፣ ከእድር የሚያውቋት እናቶች "አንቺ ዘንድሮስ ምን በልተሽ ነው" እያሉ ሲያቅፏት ነበር፣ ማንም ስለ ቀሚሱ አላነሳም፣ እኔም የፈለግኩት እሱን ነው፣ ልብሱን ሳይሆን እሷን እንዲያዩ።

የምታሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ሳትረሱ፣ ወይን ጠጅ ክር ቀለም ሊለቅ ይችላል፣ ከነጭ ፈትል ጋር ተሠርቶ ከለቀቀ አንገቱ ዙሪያ በሙሉ የቆሸሸ ሮዝ ይሆናል። ሸማኔው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ክሩን ትንሽ ቆርጣችሁ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹት፣ ነጩ ጨርቅ ላይ ምልክት ከተወ ሌላ ክር ፈልጉ። ካልለቀቀም የመጀመሪያውን እጥበት በቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው እጠቡት፣ ሳትዘፈዝፉ፣ ደርቦም እንዳይቀመጥ ወዲያው ዘርግታችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት።